የመጀመሪያ ሳምንትሽ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ

እንኳን ደህና መጣሽ። ይህን ሰኞ ጠዋት ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው፣ ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድብሽም። ድሮ ለአዲስ ሰው የምንልከው 31 ገጽ ነበር፤ ከቤት ለሚሠራ ሰው የአለባበስ ደንብ ሳይቀር ነበረበት። ከአንቺ በፊት የገባችው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ስታነብ ከርማ ሐሙስ ላይ ደውላ «እሺ፣ አሁን ምን ልሥራ?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። እስከ ዓርብ ድረስ የምጠብቅብሽ የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ሲስተማችንን የሚጠቀሙ አምስት ባለሱቅ ደንበኞችን ጥያቄ አንብበሽ ለእያንዳንዱ የመልስ ረቂቅ እንድትጽፊ ነው። ረቂቁን እኔ ወይም አዳማ ያለችው ባልደረባችን እናየዋለን፣ ከዚያ ትልኪዋለሽ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፍጥነትሽን ማንም አይለካም፤ ብቻሽን መላክ የምትጀምሪው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ውልሽ ላይ ያለው የሙከራ ጊዜ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት 60 የሥራ ቀን ነው፣ እና አምስቱ ቀን ፈተና አይደለም።

ሰዓት

እዚህ ላይ ሁላችንም ተሸውደናል። ስናወራ በእኛ ሰዓት ነው፣ ካሌንደሩ ግን በፈረንጅ ነው የሚያሳየው። አንዴ እኔው ራሴ «ስብሰባ 10:00» ብዬ ልኬ ግማሹ ሰው ጠዋት 4 ሰዓት ገባ፣ ግማሹ ደግሞ ከሰዓት 10 ሰዓት ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁሌም ሁለቱንም እንጽፋለን፦ «ጠዋት 3 ሰዓት (9:00)»። የካሌንደርሽ ሰዓት GMT+03:00 ላይ መሆኑን ሰኞ ዕለት እዪው።

ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ሁላችንም መስመር ላይ ነን። የቀረውን አምስት ሰዓት እንደሚመችሽ አድርጊው።

መብራት ሲጠፋ

ሐዋሳ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «መብራት የለም» ብለሽ ጣይበት፣ ሌላ ማብራሪያም ይቅርታም አያስፈልግም። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየና ባጃጅ ይዘሽ ካፌ ከሄድሽ የትራንስፖርቱን እንከፍላለን። ግን ስክሪንሽ ላይ የደንበኞች ስልክ ቁጥር አለና ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ ተቀመጪ፣ የካፌውን ዋይፋይ ትተሽም የራስሽን ዳታ ተጠቀሚ። ሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ደስ ይላል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

ስትጣበቂ

20 ደቂቃ ሞክረሽ ካልሆነ ጠይቂ። በግል አትላኪልኝ፣ ግሩፑ ላይ ጻፊው፤ እኔ ስብሰባ ላይ ብሆን ሌላው ይመልስልሻል። «ሰላም፣ አለህ?» ብለሽም አትጠብቂ፣ በአንዴ እንዲህ ጻፊው፦

«ባለሱቁ ስኳር 12 ኪሎ አስገብቻለሁ ይላል፣ ሲስተሙ 9 ያሳያል። የሽያጭ ታሪኩን አይቻለሁ፣ ሦስት ኪሎ በሌላ ስልክ ተሸጧል። ያ ስልክ የማን እንደሆነ የት ነው የማየው?»

ይሄኛው በተደጋጋሚ ስለሚመጣ መልሱን አሁኑኑ ያዢው። አብዛኛውን ጊዜ የሱቁ ሠራተኛ ኔትወርክ በሌለበት ሸጦ፣ ስልኩ በኋላ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው ሽያጩ የሚገባው። ባለሱቁ በመሃል ሲያይ ዕቃ የጠፋበት ይመስለዋል። ስለዚህ ረቂቅሽ «ሲስተሙ ትክክል ነው» ብሎ አይጀምር፣ ሰውዬው እየተጨነቀ ነው። የተሸጠበትን ሰዓት ንገሪው፣ ከዚያ ምክንያቱን።

ቀኖቹ

ሰኞ የዝግጅት ቀን ነው። ፓስዎርድሽን ቀይሪ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቺ፣ የቲን ቁጥርሽንና የባንክ ሒሳብሽን ለሰው ኃይል ላኪ። ላፕቶፑ እምቢ ካለሽ ደውዪልኝ እንጂ ቀኑን ሙሉ አትታገዪው። ማክሰኞ የአዳማዋ ልጅ ስትሠራ ስክሪኗን ታያለሽ፤ ማስታወሻ ያዢ፣ ምንም አትመልሺ። ረቡዕ የመጀመሪያውን ረቂቅ ትጽፊያለሽ፣ ምናልባት በቀይ ተሞልቶ ይመለስልሻል። የእኔው የመጀመሪያ ረቂቅ አራት ጊዜ ነው የተመለሰው። ሐሙስና ዓርብ ጠዋት የቀሩትን አራቱን።

በየቀኑ ከመዝጋትሽ በፊት ግሩፑ ላይ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን ሠራሽ፣ ምን አስቸገረሽ፣ ነገ ምን ትጀምሪያለሽ። አልሠራሽም ብዬ አይደለም። አጠገብሽ ስላልተቀመጥኩ ግራ ስትጋቢ ፊትሽን አላይም፣ ለዚህ ነው።

ዓርብ ከሰዓት 9 ሰዓት (15:00) ለግማሽ ሰዓት እንደዋወላለን፣ ካሜራ ግዴታ አይደለም። እዚህ ሰነድ ላይ ያልገባሽን ቦታ አስምሪበትና ያኔ አብረን እናስተካክለዋለን፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ይገባል።