የጥር 18 የቪዲዮ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፦ 320 ጆንያ የሐረር ቡና ወደ ጅዳ፣ ማን ምን መቼ እንደሚያደርስ

ለ፦ ሐጂ ዩሱፍ (ጅዳ)፣ አብዲ (ጅቡቲ)፣ ሐናን (መጋዘንና ጥራት)፣ ብሩክ (ሒሳብና ባንክ)
ግልባጭ፦ ጋሽ ተስፋዬ
ከ፦ ትዕግስት፣ ኤክስፖርት ክፍል፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ዛሬ ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (26 ጃንዋሪ 2026) ከሰዓት ከ8:30 እስከ 9:40 (14:30–15:40) የተነጋገርነውን እነሆ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ስብሰባው ላይ «ኮንቴነሩ በ28 ወደብ ይገባል» ተባብለን ሁላችንም እሺ ብለናል። ከተለያየን በኋላ አብዲ «ታዲያ ለነገ ወዲያ እንዴት ይደርሳል?» ብሎ ደወለልኝ። እሱ የሰማው 28 ጃንዋሪ ነው፣ ማለትም ጥር 20። እኛ ድሬዳዋ ያለነው ያልነው ጥር 28 ነው፣ ማለትም 5 ፌብሩዋሪ። የስምንት ቀን ልዩነት ነው። አብዲ ባይደውል ኖሮ ይህን የምናውቀው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ድሬዳዋ፣ ጅቡቲና ጅዳ ሰዓታችን አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን አንድ አይደለም። የመርከብ ወረቀት ላይ 11:00 ሲል ጠዋት 5 ሰዓት ማለቱ ነው። ባለፈው ዓመት እኔው ራሴ 11:00ን ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት አድርጌ አንብቤ መኪናው ወደብ የደረሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። ኮንቴነሩ የሚቀጥለውን መርከብ ጠበቀ፣ የጥበቃውንም ሒሳብ እኛው ከፈልን። ያን ቀን አልረሳውም።

የተስማማንባቸው

ጭነቱ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በጠቅላላው የተጣራ 19,200 ኪሎ ያልታጠበ ሐረር ደረጃ 4 ቡና ነው፤ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ይሄዳል። ሽያጩ በውሉ እንዳለው ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ፣ ክፍያው ሲ.ኤ.ዲ. ነው። መርከቡ ከጅቡቲ የሚነሳው እሑድ የካቲት 1 (8 ፌብሩዋሪ) ነው። ወደብ መግቢያው የሚዘጋው ሐሙስ ጥር 28 (5 ፌብሩዋሪ) ጠዋት 5 ሰዓት (11:00) ነው። ረመዳን በየካቲት 11 አካባቢ ስለሚገባ ሐጂ ዩሱፍ ቡናው ከዚያ በፊት መጋዘናቸው እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ይህ መርከብ ካመለጠን የሚቀጥለው ለዚያ አይደርስም። ቀኖቹን እንዲህ አጥብቄ የምይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮንቴነሩ የሚሞላው ድሬዳዋ፣ እኛ መጋዘን ውስጥ ነው። አብዲ፣ ይህ የተወሰነው የአንተ መስመር ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ነው። ስትመለስ ማንም መልሶ አልነገረህም፤ ይቅርታ። ቀድሞ በተነጋገርነው መሠረት ጅቡቲ ላይ ለመሙላት የጠየቅካቸው ሠራተኞች ካሉ ሰርዛቸው። የቀየርነው ሐጂ ዩሱፍ ጆንያዎቹ በጅቡቲ እርጥብ አየር ውስጥ ከመኪና ወደ ኮንቴነር እንዲገለበጡ ስላልፈለጉ ነው። እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፤ የደረቀ ቡና የባሕሩን እርጥበት ቶሎ ይስባል።

ያልተወሰነ

ሐጂ ዩሱፍ የመርከብ ኪራዩን እኛ ከፍለን ዋጋው ሲ.ኤፍ.አር. ጅዳ እንዲሆን ጠይቀዋል። ጋሽ ተስፋዬ «እናያለን» ብለዋል። እኔ ይህን እንደ ውሳኔ አልመዘገብኩትም፤ ሐጂም እንደ እሺታ እንዳይወስዱት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋሽ ተስፋዬ የኪራዩን ዋጋ አይተው እስከ ሐሙስ ጥር 21 (29 ጃንዋሪ) ከሰዓት 10 ሰዓት (16:00) አዎ ወይም አይ የሚል መልስ በጽሑፍ ይሰጣሉ። እስከዚያ ድረስ የሚሠራው ውሉ ላይ ያለው ኤፍ.ኦ.ቢ. ነው።

የየሰዉ ሥራ

ሐናን፦ የጭነት ናሙናውን፣ 1 ኪሎ፣ ነገ ማክሰኞ ጥር 19 (27 ጃንዋሪ) ጠዋት 5 ሰዓት (11:00) ሳይሞላ በፈጣን መልዕክት ወደ ጅዳ ላኪ፤ የመላኪያ ቁጥሩን ለሁላችንም በዚሁ ኢሜይል መልሺ። ናሙናው ከሚጫነው ክምር ከየጆንያው የተወሰደ እንጂ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ከነበረው አሮጌ ናሙና እንዳይሆን። ረቡዕ ጥር 20 (28 ጃንዋሪ) ጠዋት ቡናውን ለጥራት ምርመራ ታቀርቢያለሽ፤ የጥራት ምስክር ወረቀቱን እስከ ዓርብ ጥር 22 (30 ጃንዋሪ) ከሰዓት 10 ሰዓት (16:00) እጠብቃለሁ። ውሉ ላይ ያለው የእርጥበት ጣሪያ 11.5 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዓርብን ሳትጠብቂ የዚያኑ ዕለት ደውዪልኝ።

ሙሌቱ ሰኞ ጥር 25 (2 ፌብሩዋሪ) ከጠዋቱ 4 ሰዓት (10:00) ይጀምራል፤ ነገር ግን ሐጂ ናሙናውን ካላጸደቁ አንድ ጆንያ አይነሳም። ኮንቴነሩ ሲመጣ ውስጡ ገብተሽ በሩን አስዘጊና ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን እዪ፤ ሽታም ካለው አትቀበዪው። ወለሉና ግድግዳው ወፍራም ወረቀት ይልበስ፣ እርጥበት መጣጮቹ ይሰቀሉ፣ የላይኛው ረድፍም በወረቀት ይሸፈን። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የኮንቴነሩ ጣሪያ ያልበዋል፤ ያ ጠብታ የሚያርፈው የላይኛው ጆንያ ላይ ነው። ጆንያ ሲገባ የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ የሁለቱም ቆጠራ ተጽፎ ይፈረም።

ሞልቶ ሲያበቃ ኮንቴነሩን አስመዝነሽ የኮንቴነሩን ቁጥር፣ የማሸጊያውን ቁጥርና ጠቅላላ ክብደቱን በዚያው ቀን እስከ ማታ 12 ሰዓት (18:00) ለእኔና ለአብዲ ላኪ። ከጁላይ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የባሕር ደህንነት ሕግ መሠረት የተረጋገጠ ክብደቱ ያልቀረበ ኮንቴነር መርከብ ላይ አይጫንም። በግምት የተጻፈ ቁጥር አልቀበልም። ቁጥሮቹን ጽፈሽ ብቻ ሳይሆን በሩና ማሸጊያው በግልጽ የሚታይበት ፎቶም ይኑር።

ሐጂ ዩሱፍ፦ ከእርስዎ የምንጠብቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ቢ.ኤል. ላይ የሚጻፈው የተቀባይ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ዕቃው ሲደርስ የሚነገረው ሰው ስምና ስልክ፣ እስከ ረቡዕ ጥር 20 (28 ጃንዋሪ) ከሰዓት 9 ሰዓት (15:00)። ከዐረብኛው የተገለበጠው ስም የንግድ ፈቃድዎ ላይ ካለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ጋር አንድ እንዲሆን የፈቃዱን ፎቶ አብረው ቢልኩልን መልካም ነው። አንዲት ፊደል ብትለይ ባንኩ ሰነዱን ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው የናሙናው መልስ ነው፦ እሑድ ጥር 24 (1 ፌብሩዋሪ) እስከ ማታ 12 ሰዓት (18:00)። እሑድ እኛ ጋ ዕረፍት ቢሆንም ኢሜይሉን እከፍተዋለሁ። ናሙናው ዘግይቶ ከደረሰዎት በስልክ ያሳውቁኝ እንጂ ቀኑ እስኪያልፍ አይጠብቁ።

አብዲ፦ የቡኪንግ ማረጋገጫውን ነገ ማክሰኞ ጥር 19 (27 ጃንዋሪ) ጠዋት 4 ሰዓት (10:00) ላክልን፤ ወደብ የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት ከወረቀቱ ላይ አይተን እናመሳክራለን። ባዶ ኮንቴነሩ ወደ ድሬዳዋ እንዲለቀቅ የሚያስፈልገውን ወረቀት እስከ ሐሙስ ጥር 21 (29 ጃንዋሪ) ከሰዓት 8 ሰዓት (14:00) ጨርስ። እናንተ ጋ ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ስለሚዘጋ ሐሙስ ያላለቀ ነገር እሑድ ነው የሚቀጥለው፤ ኮንቴነሩ ደግሞ እሑድ ማታ እዚህ መሆን አለበት።

የተሞላው መኪና ማክሰኞ ጥር 26 (3 ፌብሩዋሪ) ንጋት ከድሬዳዋ ተነስቶ በደወሌ በኩል ይመጣል። የሾፌሩን ስልክና የታርጋ ቁጥሩን የዚያኑ ዕለት ጠዋት እልክልሃለሁ፤ ደወሌ ላይ ወረቀቱን የሚቀበል ሰው አቆምልን። ረቡዕ ጥር 27 (4 ፌብሩዋሪ) ማታ ወደብ ገብቶ እንዲያድር ነው ዕቅዱ፤ ሐሙስ ጠዋት የቀረውን ሰዓት ለመዘግየት ብቻ ትተነዋል። የቢ.ኤል. ረቂቁን ረቡዕ ጥር 27 ከሰዓት 9 ሰዓት (15:00) ላክልኝ፤ እርማቴን ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት (8:00) ታገኛለህ። የመጨረሻው ቢ.ኤል. ሰኞ የካቲት 2 (9 ፌብሩዋሪ) ይወጣል።

ብሩክ፦ የባንክ የወጪ ንግድ ፈቃዱ ሐሙስ ጥር 21 (29 ጃንዋሪ) እጅህ ላይ ይሁን፤ ያለ እሱ ዲክላራሲዮን አይከፈትም። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ክብደቱ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ይመሳከር። ሙሉ ሰነዱን ማክሰኞ የካቲት 3 (10 ፌብሩዋሪ) እስከ ቀኑ 6 ሰዓት (12:00) ለባንክ ታስገባለህ።

የእኔ፦ የዕፅዋት ጤናና የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቶችን እስከ ሰኞ ጥር 25 (2 ፌብሩዋሪ) አወጣለሁ፣ ዲክላራሲዮኑንም ከትራንዚተራችን ጋር እከታተላለሁ። የመኪናው ኪራይና ሾፌሩም በእኔ በኩል ነው።

ቀጣይ ስብሰባ ሰኞ ጥር 25 (2 ፌብሩዋሪ) ጠዋት 3 ሰዓት (9:00)፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ጥያቄው አንድ ነው፦ እንጭናለን ወይስ አንጭንም? የአብዲ መስመር ከተቋረጠ እስኪመለስ ምንም አንወስንም።

በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ ያልኩት ያልተባለ፣ ወይም የተባለ የዘለልኩት ካለ እስከ ነገ ማክሰኞ ጥር 19 (27 ጃንዋሪ) ጠዋት 5 ሰዓት (11:00) ለሁላችንም መልሱ። ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ብዬ አልወስድም፤ እያንዳንዳችሁ ከስማችሁ በታች ያለውን አንብባችሁ «ደርሶኛል፣ እችላለሁ» ወይም «ይህን ቀን አልችልም» በሉኝ። የማይቻል ቀን ካለ አሁን መስማቱ ይሻለኛል፤ ዛሬ ማታ ብትነግሩኝ መኪናውንም ሠራተኛውንም ማዛወር እችላለሁ። አብዲ፣ ከአንተ በተለይ ሁለት ቃል እፈልጋለሁ፦ ኮንቴነሩ ድሬዳዋ እንደሚሞላ፣ ወደብ መግቢያው የሚዘጋውም 5 ፌብሩዋሪ እንደሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
ትዕግስት
ኤክስፖርት ክፍል፣ ድሬዳዋ