መሪ ቃላችንና ተልዕኳችን

መሪ ቃል፦
ውሃው አለቀ፤ ጠርሙሱ ገና ነው።

ተልዕኮ፦
የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቦይ ሳይዘጋ፣ ወንዝ ሳይገባ፣ ሳይቃጠል ቀድመን እንሰበስባለን፤ መልሰን ጥሬ ዕቃ እናደርገዋለን፤ ለሰብሳቢውም በኪሎ ተገቢውን ዋጋ በዕለቱ እንከፍላለን።

«በዕለቱ» የምትለዋን ቃል ሆን ብለን ነው የጻፍናት። ጠዋት ጆንያ ተሸክሞ የመጣ ሰው ማታ ባዶ እጁን ቤቱ መግባት የለበትም። ያለ እሱ እኛም የለንም።

ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ታቹን እዩት። በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 1 ቁጥር ካለ ፔት የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ የእኛ ነው። ይለያል፣ ይፈጫል፣ ይታጠባል። እዚህ ላይ ሁሌም ደስ የሚለን ነገር አለ፦ የተፈጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ የጠርሙሱ ስባሪ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ውሃው ራሱ ይለይልናል። ከዚያ ቀልጦ ክር ወይም አዲስ ጠርሙስ ይሆናል።

ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነው። ጠጥታችሁ ስትጨርሱ የቀረችውን ጠብታ አፍስሱ፣ ጠርሙሱን ጨፍልቁት፣ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙት። ከቆሻሻ ጋር ብቻ አትቀላቅሉት። መጥተን እንወስደዋለን።