ፎቶ ስትልኩ አንድ መስመር ጻፉበት

ለ11ኛ «ሐ» ተማሪዎች

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ማታ የቴሌግራም ግሩፓችንን ስከፍት 23 ፎቶ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ጽሑፍ ያለባቸው አራቱ ብቻ ናቸው። ከአራቱም የአንዱ ጽሑፍ «ቲቸር ፕሊስ» ነው።

የቀሩትን አንድ በአንድ አየኋቸው። ብርድ ልብስ ላይ የተዘረጋ ደብተር አለ፤ የስልኩ ጥላ የገጹን ግማሽ ውጦታል። ጥግ ላይ ሽሮ የነካውም አለ (በልቶ ማጥናት ደግ ነው፣ አልተቀየምኩም)። ጽሑፉ ይነበባል፣ ስሌቱም ይታያል። ምን እንደፈለጋችሁ ግን ከደብተሩ ላይ አይነበብም። መልሴ ልክ ነው ወይ ነው? ከየት ልጀምር ነው? ወይስ ሠርቻለሁ፣ እዩልኝ ብቻ?

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱ ልጅ የፕሮጀክታይል ሞሽን ጥያቄዎች ያሉበትን ገጽ ያለ ምንም ቃል ላከልኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ከበድ ስለሚል እሱ ነው ብዬ ገመትኩ። ወረቀት አውጥቼ፣ ሥዕሉን ስዬ፣ አግድሙንና ቀጥ ያለውን ፍጥነት ለያይቼ እስከ መጨረሻው ሠራሁለት። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። መልሱ ምን ሆነ መሰላችሁ? «ቲቸር አመሰግናለሁ፣ እሱን እንኳን ሠርቼዋለሁ። ‹ኔግሌክት ኤር ሬዚስታንስ› የሚለው አልገባኝም ለማለት ነው።» የአየሩን መቋቋም ከሂሳቡ አታስገባው ማለት ነው፤ አለቀ። እሱም ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ አንዲት ልጅ ከፎቶዋ ሥር እንዲህ ጻፈች፦ «ጥያቄ 2፣ ሰዓቱ ለምን ኔጋቲቭ መጣብኝ?» ኳሷ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት፣ በ30 ዲግሪ ወደ ላይ ተወርውራለች፤ g 10 ነው። ስሌቷን አየሁት፦

t = 2 × 20 × sin 30 ÷ 10

ፎርሙላው ልክ፣ ያስገባቻቸው ቁጥሮችም ልክ። መልሷ ግን −3.95 ሴኮንድ ይላል። «ካልኩሌተርሽ ስክሪን ላይ ከላይ D ነው ወይስ R የሚለው?» አልኳት። R ነበር፤ 30ውን በሬዲያን ቆጥሮባታል። ወደ D ስትመልሰው 2 ሴኮንድ መጣ። ሁለት ደቂቃ አልሞላንም። ያቺ መስመር ባትኖር ሙሉውን ገጽ ሳስስ፣ ምናልባትም የሌለ የፎርሙላ ስህተት ስፈልግላት አመሽ ነበር።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ፎቶ ስትልኩ፣ ከመላካችሁ በፊት ከሥሩ በሚመጣው ባዶ ቦታ አንድ መስመር ጻፉ። የጥያቄውን ቁጥርና የምትፈልጉትን። «ጥያቄ 4፣ ሶስተኛው መስመር ላይ sin ነው cos?» ካላችሁኝ ይበቃል። አማርኛም እንግሊዝኛም ቢደባለቅ ግድ የለኝም፤ የፊደል ግድፈትም አልቆጥርም። «አልገባኝም» ግን አይበቃም። እስከየት ገብቷችሁ የት ላይ እንደጠፋባችሁ ንገሩኝ። ከነጭራሹ መነሻው የጠፋባችሁም «መነሻው ጠፋብኝ» በሉ፣ አያሳፍርም።

ረስታችሁ ከላካችሁ ሌላ ፎቶ አትድገሙ። ፎቶውን ተጭናችሁ ያዙና Edit በሉ፤ ጽሑፉን እዚያው መጨመር ይቻላል። ደግሞም ቴሌግራም ላይ ስትፈልጉ የሚገኘው የተጻፈው ነው እንጂ ፎቶው ውስጥ ያለው አይደለም። ለፈተና ስትዘጋጁ «ኔጋቲቭ» ብላችሁ ብትፈልጉ የዚያችን ልጅ ጥያቄ ከነመልሱ ታገኙታላችሁ። ያለ ጽሑፍ የተላኩት 19 ፎቶዎች ግን በዚያ መንገድ አይገኙም፤ እኔም ብሆን ወደ ላይ እየገፋሁ ነው የምፈልጋቸው።

በግሩፑ ፊት መጻፍ የሚከብዳችሁ በውስጥ ላኩልኝ፤ መስመሯ ግን እዚያም አትቅር። መስመር ለሌለው ፎቶ «ምን ልርዳህ?» ወይም «ምን ልርዳሽ?» ብቻ ነው የምመልሰው። ተቆጥቼ አይደለም፣ ስለማላውቅ ነው።

የቅዳሜዎቹን ባለቤቶች እስከ ነገ ማታ 2 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ መስመራችሁን ጨምሩና ሁሉንም እመልሳለሁ። የጥቁር ሰሌዳውን ፎቶ ሦስት ጊዜ ደጋግመህ የላክኸው ልጅ በተለይ አንተን ነው የምለው። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ምኑን እንደፈለግኸው ግን እስካሁን አላወቅኩም።

የፊዚክስ መምህራችሁ