የወንድሜ የሳምንት ጥናት፦ በቀን ግማሽ ሰዓት

ወንድሜ፣ "ጊዜ የለኝም" ያልከውን አምኜሃለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ሱቅ ከፍቶ ማታ 1 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ሰው፣ ማታ መጽሐፍ ቢገልጥ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያንቀላፋል። ስለዚህ ማታን ትቼዋለሁ። ጥናትህ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 1፡00 ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አልጠፋኝም፤ ጋቢህን ተከናንበህ ወንበር ላይ ተቀመጥ። አልጋ ውስጥ ሆኖ ማንበብ የለም። ደብተርና እስክሪብቶው ማታውኑ ጠረጴዛ ላይ ይደር፣ ስልኩ ደግሞ ሌላ ክፍል።

በሳምንት ያለህ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ለስድስቱ የፈተና ትምህርቶች እኩል ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ይህ ለማንም አይሆንም። ባለፈው የጣለህ ሒሳብ ስለሆነ እሱ ሦስት ቀን ይውሰድ። ሌሎቹ ይቅር ይበሉን።

ግማሽ ሰዓቱ ሁልጊዜ እንዲህ ይከፈላል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ትናንት ያጠናኸውን ከራስህ ጻፍ። ቀጥሎ 20 ደቂቃ አዲስ ነገር። የመጨረሻዋን 5 ደቂቃ ለነገ ጠዋት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ጻፍባት። የመጀመሪያዋን 5 ደቂቃ እንዳትዘላት፣ አንተ የምትወድቀው እዚያ ላይ ነው። ደጋግመህ ታነባለህ፣ "ገብቶኛል" ትላለህ፣ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብሃል። የኔታ የትናንቱን ሳያስቀጽሉ አዲስ ቀለም ይሰጡ ነበር እንዴ?

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፦ ሒሳብ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሲኩዌንስና ሲሪስ ብቻ። ሰኞ ቀመሩን በራስህ ምሳሌ ሥራው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት 100 ብር ቆጠብክ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 50 ብር እየጨመርክ ሄድክ። በ12ኛው ሳምንት ስንት ትቆጥባለህ?

```
a12 = 100 + (12 - 1) × 50 = 650
S12 = (12 / 2) × (100 + 650) = 4500
```

650 የ12ኛው ሳምንት ብቻ ነው፤ 4,500 ደግሞ የሁሉም ድምር። አንተ ሁለቱን ስለምታምታታ ነው ይህን የመረጥኩት። ረቡዕ ከመጽሐፉ አምስት ጥያቄ ሥራ። ዓርብ አዲስ ነገር የለም፤ ረቡዕ የተሳሳትካቸውን ብቻ መልሰህ ሥራ።

ማክሰኞ፦ እንግሊዝኛ። አንድ አጭር ምንባብ፣ ሰዓት ይዘህ። የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ ቶሎ መዝገበ ቃላት አትግለጥ፤ ከዐረፍተ ነገሩ ገምተው። በቀን አምስት ቃል ይበቃሃል።

ሐሙስ፦ አንድ ሳምንት ጂኦግራፊ፣ አንድ ሳምንት ታሪክ። ጂኦግራፊውን ከሀገርህ ጀምር። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከአንተ እስከ እኔ ድረስ፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፣ የከፍታው ልዩነት ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል ማለት ነው። አንተ ጋቢ ስትደርብ እኔ መስኮት የምከፍተው ለዚህ ነው። በታሪክ ሳምንት ዓመተ ምሕረት ብቻ አትሸምድድ፣ ምክንያቱን ጻፍ። የውጫሌ ውል በ1881 ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል "ይቻላቸዋል" ሲል፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከዚያ ተነሥተህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ እስክትደርስ መንገዱን በአምስት መስመር ጻፈው።

ቅዳሜ፦ ኢኮኖሚክስ። ሱቅህ መጽሐፍህ ነው። የሲሚንቶ ዋጋ 10 በመቶ ጨምሮ ሽያጩ 4 በመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ ኢላስቲሲቲው 0.4 ነው፤ ከ1 ስለሚያንስ ኢንኢላስቲክ ይባላል። ቅዳሜ ሱቁ ስለሚጨናነቅ ከደከመህ 15 ደቂቃ ትበቃለች። እዚህ ላይ አልጨቀጭቅህም።

እሑድ፦ ከቅዳሴ መልስ። የሳምንቱን ጥያቄዎች በሙሉ ሰብስብና መጽሐፍ ሳትገልጥ 15 ደቂቃ መልስ። ቀሪው 15 ደቂቃ ለአፕቲቲዩድ፣ አሥር ጥያቄ። ያልመለስካቸውን በቀይ አክብብ፤ የሰኞ የመጀመሪያ 5 ደቂቃ የእነሱ ናት።

አንድ ቀን ካመለጠህ አመለጠህ። በማግስቱ አንድ ሰዓት ላጥና ብለህ አትነሣ፤ እሱ ነው አምና በሦስተኛው ሳምንት ያስተወህ። የዕለቱን ብቻ ይዘህ ቀጥል። የዓርቡ ሒሳብ ካመለጠ ግን ቅዳሜን ለእሱ ስጠው፣ ኢኮኖሚክስ ይጠብቃል።

እሑድ ማታ ቀይ የተከበበበትን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ንጹሕ ገጽ እንዳትልክ፣ አላምንህም።

እህትህ፣ ከሸዋ ሮቢት