ጉንዳን እስኪነግረን አንጠብቅ፦ ለሽምብጥ ሰፈር የሴቶች ማኅበር የቀረበ የጤና ትምህርት

እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ስኳር በሽታ እንነጋገር።

ስኳር ያለበት ሰው ሽንቱ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል ሲባል ሰምታችኋል። ውሸት አይደለም፤ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው በደም ውስጥ ያለው መጠን 180 ገደማ ሲያልፍ ነው። በሽታው ግን በባዶ ሆድ ሲለካ ከ126 ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለች ሴት ጉንዳን አታይም፣ የሽንት ምርመራዋም «ደህና ነሽ» ሊላት ይችላል። ስለዚህ ሽንት ብቻ ተመርምራችሁ ነፃ ነኝ አትበሉ፤ ደሜ ይለካልኝ በሉ።

ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። የባሕር ዳር ሙቀት ሁላችንንም ውኃ ያስጠማናል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፣ ጥማቱን በፀሐይ እያመካኘን እንዘናጋለን። መለያው ሽንቱ ነው። በሙቀት ያላበው ሰው ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል። የስኳር ግን እየጠጣችሁም እየሸናችሁ ነው፤ በየጊዜው ብዙ፣ ነጣ ያለ፣ ሌሊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ከእንቅልፍ የሚያስነሳ። ጠብ ጠብ እያለ የሚያቃጥል ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰ ስኳር ተለኩ።

ለማውራት የምናፍረው ደግሞ አለ። ብልት አካባቢ የሚያሳክክና እንደ አይብ የነጣ ፈሳሽ ያለው፣ በመድኃኒት ጠፍቶ በወሩ የሚመለስ ከሆነ፣ ፈንገሱ የሚወደው ስኳር ደማችሁ ውስጥ በዝቶ ይሆናል። መድኃኒቱን ደጋግሞ ከመግዛት በፊት ጣትን መወጋት ይቀላል።

ምስር ስትለቅሙ ዓይን አንድ ሳምንት ብዥ፣ ሌላ ሳምንት ጥርት ካለ መነጽር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ስኳሩ ሲስተካከል እይታው ስለሚለወጥ መነጽሩ ላይስማማችሁ ይችላል። እየበሉ መክሳት፣ ያለ ሥራ መድከም፣ ቶሎ የማይድን ቁስል፣ የእግር መደንዘዝም አሉ። ነጠላ ጫማ ከእግር ሲወልቅ ካልታወቃችሁ፣ ያ ቀልድ አይደለም።

ምልክት ባይኖርም መለካት ያለባት ማን ናት? ዕድሜዋ 40 የሞላ፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለባት፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የነበረባት፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች፣ ወገቧ በልብስ ሰፊ ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ። ነፍሰ ጡሮች ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ክትትል ላይ ስለ ስኳር ምርመራ ጠይቁ።

ምርመራው የሚጀመረው በቅርባችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ነው። የጤና መድን ያላችሁ ደብተሩን ያዙ፤ ከዚያ ሪፈር ሳታጽፉ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪስ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ከፍ ያለ ምርመራ ካስፈለገ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይልካሉ።

ማታ 2 ሰዓት እራት ከበላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመሱ፤ ቡናም፣ ማስቲካም። ቢያንስ 8 ሰዓት ባዶ ሆድ ያስፈልጋል። ጿሚዎች እንኳ ዕድለኞች ናችሁ፣ ረቡዕና ዓርብ ያለ ጭንቀት ይሆናል። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ፤ ማንጎ የነካ ጣት መሣሪያውን አሳስቶ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

በባዶ ሆድ ከ100 በታች መልካም ነው። ከ100 እስከ 125 አፋፍ ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ በምግብና በእንቅስቃሴ መመለስ ይቻላል፣ በዓመቱም ይደገማል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክት ከሌላችሁ በሌላ ቀን ይደገም፤ በአንድ ልኬት ብቻ አይወሰንም። ምልክት ካለ ግን ተበልቶም ቢሆን 200 እና ከዚያ በላይ በቂ ነው። ቁጥሩ 7 ወይም 9 ቢሆን አትደሰቱ፣ አትደንግጡም፤ መሣሪያው የሚለካው በmmol/L ይሆናል፣ እስካሁን ወደጠራናቸው የmg/dL ቁጥሮች ለመቀየር በ18 አባዙት። «HI» ካለ ደግሞ ሰላምታ አይደለም፤ ስኳሩ መሣሪያው ከሚለካው በላይ ሆኗል፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ስለ ልጆች አንድ ነገር። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ ድንገት ከጀመረ፣ ውኃ አልጠግብ ካለና ከከሳ በዚያው ቀን ይለካ። ማስመለስ፣ በጥልቀት ቶሎ ቶሎ መተንፈስና መፍዘዝ ከተጨመረ ወረቀት ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እዚሁ በር ላይ ተገናኝተን አብረን ወደ ጤና ጣቢያው እንሄዳለን። ደብተራችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ለመልስ ጉዞ የሚሆን ቁራሽ ዳቦም ያዙ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ በጉባኤ የምታፍር ካለች ከቡናው በኋላ ጓሮ ላይ እንነጋገራለን።