ሽሮ ሰኞ ይፈጫል፤ በርበሬ የቀረው 40 ኪሎ ነው

ሰላም ቤተሰብ! የከድር እናት ነኝ፣ የሆጤዋ። ይህን የምልከው ከዚህ በፊት ከእኔ ለወሰዳችሁ ብቻ ነው።

ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ደሴ ጦሳ ጭጋጉን ከለበሰ ሰነበተ። ፀሐይ ስለሌለ በርበሬ ማስጣት የማይታሰብ ነው። አሁን ያለኝ በግንቦት ፀሐይ አድርቄ ያስፈጨሁት ሲሆን የቀረው 40 ኪሎ ነው። እሱ ካለቀ ቀጣዩ ከመስቀል በኋላ ነው። በክረምት ምጣድ ላይ አድርቀሽ አስፈጪ ያሉኝ አሉ። እኔ አልሞክረውም። ቀለሙ ይጠቁራል፣ እርጥበት ከቀረበት ደግሞ ይሻግታል። ቅመሙ የምታውቁት ነው፤ ኮረሪማው በርከት ያለ፣ ጨው ጥቂት። ኪሎው በዱሮው ዋጋ፣ 850 ብር።

ፍልሰታ ሊገባ ስለሆነ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ሽሮ ነው። ሰኞ አስፈጫለሁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ይደርሳል። በኪሎ 20 ብር ጨምሬ 320 አድርጌዋለሁ። ሽምብራ ተወዶብኝ ነው፣ አትቀየሙኝ። አተር ቀላቅዬ ማርከስ እችል ነበር፤ ግን ያ የእኔ ሽሮ አይሆንም።

አንድ ይቅርታም አለብኝ። የሰኔው ሽሮ ለአንዳንዶቻችሁ ሻካራ ሆኖ አብሽ አብሽ ሸቷል። ወፍጮ ቤት ከእኔ በፊት የሌላ ሰው አብሽ ተፈጭቶ ኖሮ ድንጋዩ አልተጠረገም። ቆሜ ማየት ነበረብኝ። አሁን ወፍጮ ቤት ቀይሬያለሁ፣ ቀጠሮዬም በጠዋት የመጀመሪያዋ ተራ ናት። የሰኔውን የወሰዳችሁ ንገሩኝ፤ አሁን ስታዝዙ ግማሽ ኪሎ በነፃ እጨምርላችኋለሁ። ደረሰኝ አልጠይቅም፣ አምናችኋለሁ።

በሶም አለ፣ ኪሎው 260። ገብሱን ራሴ ነው የቆላሁት። በዚህ ብርድ ጠዋት በማር በጥብጦ የጠጣ ልጅ እስከ ምሳ አይጨቀጭቅም። ከበርበሬና ከሽሮ በድምሩ 3 ኪሎ ለሚወስድ ግማሽ ኪሎ በሶ ከእኔ ስጦታ ነው።

ትዕዛዝ እስከ እሁድ ማታ እቀበላለሁ። በዚሁ ቴሌግራም ምን እና ስንት ኪሎ እንደምትፈልጉ፣ ሰፈራችሁንም ጻፉልኝ። ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያና መናፈሻ በባጃጅ ይመጣላችኋል፤ የባጃጁ ሂሳብ ከ2 ኪሎ በላይ ለሚያዝዝ በእኔ ነው። ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ ከድር ረቡዕ ጠዋት ይዞ ይወርዳል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ትረከቡታላችሁ። ብሩን እቃውን አይታችሁ፣ አሽትታችሁ ክፈሉ፤ በቴሌብርም በእጅም ይሆናል።

መልእክቴ የሚበዛባችሁ ካላችሁ «ይቅርብኝ» በሉኝ፣ ቅር አይለኝም።

ደግሞ ባልዲዎቼ! ክዳን ያላቸው ነጫጮቹ። አሥራ አንድ ባልዲ እናንተ ዘንድ ነው ያለው። ይዞ ለመጣ ከሂሳቡ 30 ብር እቀንሳለሁ።