ሃፍ ላይፍ እና የመድኃኒት ሰዓት፦ በቁጥር እንየው

ቻርት ላይ «በየ6 ሰዓቱ» የሚል ትዕዛዝ ስታዩ፣ ያቺ ቁጥር እንዲሁ የመጣች አይደለችም። ብዙውን ጊዜ መነሻዋ ሃፍ ላይፍ ነው፤ ማለትም በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀው ጊዜ።

እስክሪብቶ ያዙና አብረን እንሥራ። ሃፍ ላይፉ 6 ሰዓት የሆነ መድኃኒት አለን እንበል። በደም ሥር ይሰጣል፤ አንዱ ዶዝ የደሙን መጠን በ8 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ያደርገዋል። የምንሰጠው በየ6 ሰዓቱ ነው።

የመጀመሪያው ዶዝ እንደገባ 8 ይሆናል። ከ6 ሰዓት በኋላ 4 ይቀራል። ሁለተኛው ሲጨመርበት 12። እሱም 6 ላይ ይወርድና በሦስተኛው 14 ይደርሳል። በአራተኛው 15፣ በአምስተኛው 15.5። ጭማሪውን ተመልከቱ፦ 4፣ 2፣ 1፣ ግማሽ። እየጠበበ ሄዶ ከፍታው 16 ላይ ይረጋል። ከዚያ ወዲያ በየ6 ሰዓቱ 8 ይወጣል፣ 8 ይገባል። ስቴዲ ስቴት የምንለው ይህ ነው።

አሁን ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ዶዙን እጥፍ ብናደርገው ቶሎ ይረጋል? አይረጋም! ከፍታው 32 ይሆናል እንጂ የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው፦ ከ4 እስከ 5 ሃፍ ላይፍ፣ በእኛ ምሳሌ ከ24 እስከ 30 ሰዓት። ዲጎክሲንን ውሰዱ። ኩላሊቱ ደህና በሆነ አዋቂ ሃፍ ላይፉ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ስለሆነ፣ እስኪረጋ ከ6 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ያን ያህል መጠበቅ በማይቻልበት ጊዜ በሎዲንግ ዶዝ፣ ማለትም ከፍ ባለ የመጀመሪያ ዶዝ፣ የሚጀመረው ለዚህ ነው።

ክፍተቱ ግን ሁልጊዜ ከሃፍ ላይፍ ጋር እኩል አይሆንም። የአሞክሳሲሊን ሃፍ ላይፍ 1 ሰዓት ገደማ ሆኖ ሳለ በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል። ጉዳቱ አነስተኛ ስለሆነ ዶዙን ከፍ አድርጎ መስጠት ይቻላል፤ እየወረደም ቢሆን ባክቴሪያውን የሚገታ መጠን ለሰዓታት ይቆያል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስና አንድ ዶዝ ተዘለለ እንበል። 16 የነበረው በ12 ሰዓት ውስጥ 4 ይደርሳል። «ያለፈውን ላካክስ» ብላችሁ ሁለት ዶዝ አንድ ላይ ብትሰጡ 20 ይሆናል፤ በሽተኛው ደርሶበት የማያውቀው ከፍታ ነው። ስለዚህ በራሳችሁ እጥፍ አትስጡ። መዝግቡት፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የምፈራላችሁ የደከመ ኩላሊት ነው። መድኃኒታችን በኩላሊት የሚወጣ ከሆነና ሃፍ ላይፉ ወደ 12 ሰዓት ከረዘመ፣ ያው ዶዝ በያው ሰዓት እየተሰጠ ከፍታው ቀስ በቀስ ወደ 27 ይወጣል። ቻርቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው በሽተኛው ነው። እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት የክሪያቲኒን ውጤቱንና የሽንቱን መጠን እዩ። ክሪያቲኒኑ እየጨመረ ወይም ሽንቱ እየቀነሰ ከሆነ፣ ቀጣዩን ዶዝ ሳትሰጡ ለሐኪሙ ደውሉ።